«የሥነ ምግባር ጉድለት» ብቻ አይበቃም

«የሥነ ምግባር ጉድለት በማሳየትዎ ከዚህ ድርጊትዎ እንዲታረሙ በጥብቅ እናሳስባለን።» እንዲህ የሚል ደብዳቤ በብዙ መሥሪያ ቤት ማህደር ውስጥ ይገኛል። ተቀባዩ «ምን አጠፋሁ?» ቢል ሐቅ አለው፤ ደብዳቤው አልነገረውም።

ለምሳሌ አንድ የማተሚያ ቤት ክፍል ኃላፊ አዲስ የመጣችን የሒሳብ ሠራተኛ ሲያሸማቅቅ ከረመ እንበል። እሷ አመለከተች፤ ባልደረቦቿም እሱም ተጠይቀው ቃላቸው ተያዘ፤ ጥፋቱ ተረጋገጠ። ሥራ አስኪያጁ እንዲህ ቢጽፍ ይሻላል፦

«ኅዳር 4 ቀን በሳምንታዊው ስብሰባ የባልደረባዎን አነጋገር እያስመሰሉ ሰው አስቀውባታል። ኅዳር 11 ቀን ያቀረበችውን ሰነድ ጠረጴዛዋ ላይ ወርውረው ‹ማን ነው አንቺን የቀጠረ?› ብለዋታል። በማግስቱ ከክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ በማስወጣትዎ የሥራ መመሪያ ሳይደርሳት ቀርቷል። ለቀልድ ነው ያሉትን ሰምተናል፤ ሆኖም ድርጊቱ ተደጋግሟል፣ እንድትተውም ጠይቃዎታለች።»

«ክፉ» ወይም «ትዕቢተኛ» የሚል ቃል የለበትም። ስለ ሰው ጠባይ ሲከራከሩ መዋል ይቻላል፤ ኅዳር 11 ቀን ስለተባለው ግን ወይ ተብሏል፣ ወይ አልተባለም። የመሰከሩትን ሰዎች ስም መጻፍም አያስፈልግም፤ ነገ አብረውት ይሠራሉ።

ብዙ አለቆች የሚሳሳቱት ቅጣቱ ላይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወሲባዊ ትንኮሳን በስም ጠርቶ ይከለክላል፤ በሥራ ቦታ አምባጓሮ ማንሳትም እንደ ክብደቱ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብት ይችላል። በቃልና በማግለል ማሸማቀቅን ግን ለብቻው አልዘረዘረም። ስለዚህ ደብዳቤው የተጣሰውን የድርጅቱን የሥራ ደንብ ወይም የኅብረት ስምምነት አንቀጽ በቁጥር መጥቀስ አለበት። «ጠንካራ እርምጃ ይወሰዳል» ከማለትም «ድርጊቱን ቢደግሙ፣ ወይም አመልካቿን ሆነ ምስክሮችን ለመበቀል ቢሞክሩ፣ ጉዳዩ እስከ ስንብት በሚያደርስ የዲሲፕሊን ክስ ይታያል» ማለት ይሻላል። እኔ የብቀላውን ሐረግ ከሁሉ አስበልጣለሁ፤ አመልካች አብዛኛውን ጊዜ የምትጎዳው ከደብዳቤው በኋላ ባለው ሳምንት ነውና።

ጊዜም አለው። ጥፋቱ ያለ ማስጠንቀቂያ የሚያሰናብት ሆኖ ሳለ አሠሪው ካወቀበት ቀን አንስቶ 30 የሥራ ቀናት ዝም ካለ፣ በዚያ ጥፋት የማሰናበት መብቱ ይቀራል። አጣሪ ኮሚቴ አቋቁሞ ወራት ማስቆጠር ስለዚህ አደገኛ ነው።

ተቀባዩ «አልፈርምም» ሊል ይችላል። ፊርማው ደብዳቤው እንደደረሰው እንጂ ጥፋቱን እንዳመነ እንደማያሳይ ከፊርማው መስመር በላይ ይጻፍ፤ አሁንም እምቢ ካለ ሁለት ሰዎች ደብዳቤው በፊታቸው እንደተሰጠው ይፈርሙ።

አንድ ዐረፍተ ነገር ደግሞ ለእሷ ይቀራል፦ «ባልደረባዎን ዛሬ እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ወደ ቴሌግራም ግሩፑ ይመልሱ።»