ቪፒኤን ከማን ይሸሽጋል?

ቪፒኤን የተባለው ፕሮግራም ከስልኩ የሚወጣውን መረጃ በምስጢር ቁልፍ ዘግቶ አገልግሎቱን ወደሚሰጠው ድርጅት ሰርቨር ይልካል። ቁልፉ የሚከፈተው እዚያ ሲሆን፣ መረጃው ወደ ድረ ገጾች የሚሄደውም ከዚያው ነው። በመሆኑም ቴሌውም ሆነ ዋይፋይ ያቀረበው ሆቴል ደንበኛው ከሰርቨሩ ወዲያ የት እንደሚሄድ አያይም። በስሙና በይለፍ ቃሉ የገባበት ድረ ገጽ ግን ማንነቱን ያውቃል።

ቴሌው ያጣውን እይታ የሚያገኘው የቪፒኤኑ ባለቤት ነው። የባንክ ገጾች የራሳቸው ቁልፍ ስላላቸው ይዘቱን ባያነብም፣ ደንበኛው የትኛውን አገልግሎት መቼና ምን ያህል እንደሚጠቀም ሊመዘግብ ይችላል። ይህ ደግሞ ለገበያ ጥናት ዋጋ ያለው ሸቀጥ ነው።

ፌስቡክ በ2013 እ.ኤ.አ. የገዛው የእስራኤሉ ኦናቮ የመረጃ ጠባቂ ነኝ እያለ ቪፒኤኑን በነፃ ያድል ነበር። ፌስቡክ በበኩሉ ተጠቃሚዎቹ የትኞቹን የተፎካካሪ አፕሊኬሽኖች እንደሚያዘወትሩ ከዚሁ ይከታተል ነበር። በ2018 አፕል ደንቤን ይጥሳል በማለቱ ፕሮግራሙ ከመደብሩ ወጣ። በ2023 የአውስትራሊያ ፌዴራል ፍርድ ቤት፣ መረጃው ለሌላ ተግባር መዋሉን በግልጽ አላሳወቁም ሲል ሁለት የኩባንያውን ቅርንጫፎች በድምሩ 20 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ቀጥቷል።