ከጎሃ ጽዮን ቁልቁለት በፊት፦ ለረጅም ጉዞ የሚደረግ የተሽከርካሪ ፍተሻና ሊያዙ የሚገባቸው የድንገተኛ ጊዜ ዕቃዎች

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ተሽከርካሪ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍናል። ከዚህ ርቀት ውስጥ ተሽከርካሪውን ከሁሉ በላይ የሚፈትነው ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ጠመዝማዛ መንገድ ነው። መንገዱ በመጀመሪያው አጋማሽ ከ1,300 ሜትር በላይ ቁልቁል ወደ ዓባይ ወንዝ ይወርዳል፤ ድልድዩን ከተሻገረ በኋላ ደግሞ የወረደውን ያህል ሽቅብ ይወጣል። በከተማ ውስጥ ለወራት ያለ እንከን ሲያገለግል የቆየ መኪና በዚህ ሥፍራ ችግሩን የሚገልጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ቁልቁለቱ ፍሬንን፣ ዳገቱ ደግሞ የሞተር ማቀዝቀዣን በከተማ ውስጥ ፈጽሞ ባልተፈተኑበት መጠን ይፈትናቸዋል። ስለሆነም ከጉዞ በፊት የሚደረገው ፍተሻም ሆነ የሚያዘው ዕቃ ይህንን ታሳቢ ያደረገ ሊሆን ይገባል።

ለማሳያ ያህል አምስት ሰዎችንና ሻንጣዎቻቸውን የጫነ፣ አጠቃላይ ክብደቱ 1,500 ኪሎ ግራም የሆነ የቤት አውቶሞቢል እንውሰድ። ይህ መኪና ከጎሃ ጽዮን እስከ ወንዙ ሲወርድ ፍጥነቱ እንዳይጨምር የሚገታው ፍሬን ብቻ ቢሆን፣ በፍሬኑ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ከ50 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት የሚበቃ ነው። ይህን ሁሉ ሙቀት የሚሸከሙት አራት ጎማዎች ውስጥ ያሉ ዲስኮች፣ ታምቡሮችና ሸራዎች ናቸው። ሸራው ከመጠን በላይ ሲግል ዲስኩን የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል፤ አሽከርካሪው ፔዳሉን አጥብቆ ቢረግጥም መኪናው እንደወትሮው አይታዘዝም። ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ሲደርስ ደግሞ የባሰ ችግር ይከተላል። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት የመሳብ ባሕርይ አለው። አዲስ ዶት 3 ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ የሚቆይ ሲሆን፣ ከጊዜ ብዛት እርጥበት የሳበው ግን በ140 ዲግሪ አካባቢ ሊፈላ ይችላል። ዘይቱ ሲፈላ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ እንደ ዘይት ግፊትን አያስተላልፍም፣ ይታመቃል። በዚህን ጊዜ ፔዳሉ ያለ ምንም ተቃውሞ እስከ ወለሉ ይወርዳል።

ለዚህ ነው የፍሬን ዘይት መጠኑ ሙሉ መሆኑን ማየት ብቻ በቂ የማይሆነው። ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ ማወቅ ያስፈልጋል። ሁለት ዓመት ያለፈው ወይም የተቀየረበት ጊዜ የማይታወቅ ዘይት ከጉዞው በፊት ሙሉ በሙሉ ሊቀየር ይገባዋል። መጠኑ ቀንሶ ከተገኘም ዝም ብሎ መሙላት ተገቢ አይደለም፤ መቀነሱ ወይ ሸራው ማለቁን ወይም የሆነ ቦታ ዘይት መፍሰሱን ያመለክታልና።

ፍተሻው ከጉዞው ሦስት ቀን በፊት ይደረግ

ብዙዎች መኪናቸውን የሚያዩት በዋዜማው ምሽት ነው። በዚያ ሰዓት ጉድለት ቢገኝ ጋራዥም የመለዋወጫ ሱቅም ዝግ በመሆኑ፣ «እስከዚያ ያደርሰናል» ተብሎ ይታለፋል። የሦስት ቀን ጊዜ ከተሰጠ ግን የተገኘውን ጉድለት ለማስጠገንም ሆነ ጥገናውን በከተማ ውስጥ ነድቶ ለመሞከር ይበቃል።

የፍሬኑን ይዞታ አሽከርካሪው ራሱ በቆመ መኪና ላይ መፈተሽ ይችላል። በመጀመሪያ ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉ አራት አምስት ጊዜ ይረገጣል፤ ከዚያም እንደተረገጠ ተይዞ ሞተሩ ይነሳል። ፔዳሉ በዚህን ጊዜ በጥቂቱ ዝቅ ካለ የፍሬን አጋዡ ይሠራል ማለት ነው። ቀጥሎ ፔዳሉን አጥብቆ ለግማሽ ደቂቃ ያህል መያዝ ነው። ባለበት ጸንቶ መቆየት ሲገባው ቀስ በቀስ ወደ ታች የሚሰምጥ ከሆነ ወይ ዘይት ይፈስሳል ወይም የፍሬን ፓምፑ ውስጡ አልቋል። በመጀመሪያው ርግጫ ለስልሶ በሁለተኛውና በሦስተኛው እየጠነከረ የሚሄድ ፔዳል ደግሞ በቱቦው ውስጥ አየር መኖሩን ወይም የኋላ ፍሬን ማስተካከያ እንደሚፈልግ ያመለክታል። የሸራውን ውፍረት ለማየት ጎማ መፈታት ስለሚኖርበት ይህን መካኒኩ ቢያደርገው ይመረጣል፤ ውፍረቱ ወደ 3 ሚሊ ሜትር የቀረበ ሸራ በከተማ ጥቂት ጊዜ ሊያገለግል ቢችልም ለዚህ ቁልቁለት አይታመንም።

ከማቀዝቀዣው በኩል ሞተሩ በቀዘቀዘበት ሰዓት የራዲያተር ውኃው መጠን፣ የቱቦዎቹ ልስላሴና የማራገቢያው ቺንጋ መሰነጣጠቅ አለመሰነጣጠቁ ይታያል። ችላ የሚባለው ግን የራዲያተሩ ክዳን ነው። እንደ ደጀን ባለ ከፍታ ላይ ውኃ ክፍት በሆነ ዕቃ ሲጣድ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። በራዲያተር ውስጥ ከ100 ዲግሪ አልፎም ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝለት ነው። ጎማው የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ግፊቱን ስለማይዝ ሌላው ነገር ሁሉ ደህና ሆኖ እያለ መኪናው ዳገት ላይ ሊፈላ ይችላል። ዋጋው ከሌሎቹ ዕቃዎች አንጻር አነስተኛ በመሆኑ አጠራጣሪ ክዳንን መቀየር ከመመርመር ይቀላል።

ጎማዎች በቀዘቀዙበት ሰዓት፣ ማለትም መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት ይለካሉ። ትክክለኛው የአየር መጠን የሚገኘው በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ባለው ጽሑፍ ላይ ሲሆን፣ ሰውና ዕቃ ሲሞላ የሚያስፈልገው መጠን ብዙውን ጊዜ ለብቻው ተጽፎ ይገኛል። የሚለኩት ጎማዎች አምስት ናቸው። አምስተኛው ተጠባባቂው ጎማ ሲሆን፣ የሚታወሰው በሚፈለግበት ቀን ብቻ በመሆኑ አየር አልባ ሆኖ ሲገኝ ያስደነግጣል። በሸለቆው ሙቀት የጎማው አየር ሲጨምር መኪናውን አቁሞ ማስተንፈስ የተለመደ ቢሆንም ትክክል አይደለም፤ ጎማው ሲቀዘቅዝ አየሩ ከሚፈለገው በታች ይወርዳልና።

ምን ይያዝ? የትስ ይቀመጥ?

የድንገተኛ ጊዜ ዕቃዎች ከሻንጣ ሥር ከተቀበሩ እንዳልተያዙ ይቆጠራሉ። የእሳት ማጥፊያው ከሾፌሩ ወንበር ሳይነሱ ወይም በሩን እንደከፈቱ በሚደረስበት ቦታ ሊታሰር ይገባል፤ የግፊት መለኪያው ቀስትም አረንጓዴው ላይ መሆኑ ይታይ። የመጀመሪያ ሕክምና መስጫ ሣጥኑ፣ ባትሪው የተሞከረ የእጅ መብራትና አንጸባራቂ ሰደሪያው በተሳፋሪዎች ክፍል ውስጥ ይቀመጣሉ። ክሪኩ፣ የጎማ መፍቻውና ባለ ሦስት ማዕዘን አንጸባራቂ ምልክቱ ከጭነቱ በላይ እንዲሆኑ ሻንጣው መጨረሻ ላይ ሳይሆን መጀመሪያ ይጫን።

ክሪኩ ከቤት ሳይወጡ መኪናውን በትክክል ማንሳቱ ሊሞከር ይገባል። የጎማ ብሎኖቹም እንዲሁ፤ ጎሚስታ ቤት በማሽን የታሰረ ብሎን በእጅ መፍቻ አልፈታ የሚልበት አጋጣሚ ብዙ ነውና፣ ቀድሞ አላልቶ በእጅ ኃይል መልሶ ማጥበቅ ይበጃል። ከክሪኩ ጋር አንድ ጠፍጣፋ ጣውላ ቢያዝ በአስፋልቱ ዳር ባለው ልል አፈር ላይ እንዳይሰምጥ ይረዳል። የመጠጥ ውኃ ለብቻው፣ ለራዲያተር የሚሆን አምስት ሊትር ያህል ደግሞ ለብቻው ይያዝ።

ለጎማ ማገጃ የሚሆኑ ሁለት ባለ ተዳፋት እንጨቶችም አስፈላጊ ናቸው። በመንገዶቻችን ላይ የተበላሸ መኪና ጎማ ሥር ድንጋይ መወተፍ፣ ለማስጠንቀቂያም ከኋላ ድንጋይ መደርደር የቆየ ልማድ ነው። መኪናው ተጠግኖ ሲሄድ ድንጋዩ አስፋልቱ ላይ ይቀራል፤ በሌሊት ለሚመጣው ሌላ አሽከርካሪም አደጋ ይሆናል። እንጨቱና አንጸባራቂው ምልክት ተመልሰው መኪናው ላይ ስለሚጫኑ ይህን ያስቀራሉ። ምልክቱ በጠመዝማዛ መንገድ ላይ የሚቀመጠው ከመኪናው አጠገብ ሳይሆን ከኩርባው በፊት፣ መጪው አሽከርካሪ ገና መኪናውን ሳያይ ሊያየው በሚችልበት ቦታ ነው።

በቁልቁለቱና በዳገቱ ላይ

በምሳሌነት የተነሳው አውቶሞቢል ማለዳ 12 ሰዓት ከአዲስ አበባ ቢነሳ ረፋዱ ላይ ጎሃ ጽዮን ይደርሳል። እዚያ ለአጭር ጊዜ ቆሞ ፔዳሉን በድጋሚ መሞከር፣ ጎማዎቹንም በዓይን ማየት ያስፈልጋል። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ሁለተኛ ማርሽ ይገባል፤ ከተጀመረ በኋላ ለመቀነስ መሞከር ማርሹ አልገባም ብሎ መኪናው ያለ ማርሽ እንዲንደረደር ሊያደርግ ይችላል። ማርሹ አውቶማቲክ ከሆነ «L» ወይም «2» የሚለው ይመረጣል። ሞተሩ ፍጥነቱን ሲይዘው ፍሬን የሚያስፈልገው አልፎ አልፎ ብቻ ነው፤ ሲያስፈልግም ጠንከር አድርጎ ረግጦ ፍጥነቱን መቀነስና ሙሉ በሙሉ መልቀቅ እንጂ እግርን በስሱ እንዳሳረፉ መውረድ አይገባም። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ ፎሌ አድርጎ ወይም ሞተር አጥፍቶ መውረድ እጅግ አደገኛ ነው፤ ሞተሩ ሲጠፋ የፍሬኑና የመሪው አጋዥም አብረው ይጠፋሉ።

የተቃጠለ ሸራ ሽታ ወይም የለሰለሰ ፔዳል ከተሰማ ቆይቶ ለማየት ጊዜ የለም፤ ፍሬኑ ገና እየሠራ እያለ ሰፊ ዳር ባገኙበት መቆም ነው። መኪናው በማርሽና በማገጃ እንጨት ተይዞ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ይቀዝቅዝ። በጋለ ዲስክ ላይ ውኃ ማፍሰስ ዲስኩን ሊያጣምመው ወይም ሊሰነጥቀው ስለሚችል አይደረግም። ጉዳት የደረሰበት ሰው ካለ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ ፖሊስ በ991 ይጠራል።

ከድልድዩ ወዲያ ባለው ዳገት አሽከርካሪው ዓይኑን ከሙቀት መለኪያው ላይ ማራቅ የለበትም። ቀስቱ ከወትሮው ቦታ ከፍ ማለት ሲጀምር የአየር ማቀዝቀዣውን ማጥፋትና የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው መክፈት ለሞተሩ ተጨማሪ መቀዝቀዣ ይሆነዋል፤ ተሳፋሪዎችን ቢያማርርም። ቀስቱ ወደ ቀዩ ከተጠጋ ቆሞ ሞተሩን ማጥፋት ግድ ነው። ክዳኑ የሚከፈተው የላይኛው ቱቦ በእጅ ሲጨበጥ የማያቃጥልና ለስላሳ ሲሆን ብቻ ነው፤ ከዚያ በፊት ቢከፈት የፈላው ውኃ በፊትና በእጅ ላይ ይፈነጠራል።

ደጀን ሲደርሱ ለሻይ መቆም የብዙ መንገደኞች ልማድ ነው። መኪናው ከቆመ በኋላ የእጅን ጀርባ ወደ እያንዳንዱ ጎማ ቸርኬ ሳያስነኩ አስጠግቶ ሙቀቱን ማነጻጸር ይቻላል። በአንድ አክስል ላይ ካሉት ሁለቱ አንዱ ከሌላው በግልጽ የሚግል ከሆነ የዚያ ጎማ ፍሬን አልለቅም ብሏል ማለት ነው፤ ወደ ደብረ ማርቆስ ከመቀጠል በፊት እዚያው ደጀን ላይ ለመካኒክ ሊታይ ይገባል።