አባሪ፦ የ2008 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የአሠራር ዘዴ

የጥናቱ መረጃ የተሰበሰበው ከጥር 9 እስከ ሰኔ 20 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። በቅድሚያ 645 የቆጠራ ቦታዎች፣ ቀጥሎም ከእነዚሁ 18,008 ቤተሰቦች በናሙናነት ተመርጠዋል።

በጥናቱ ወቅት ሰው ይኖርባቸው ከነበሩት 17,067 ቤቶች 16,650ዎቹ መልስ በመስጠታቸው የቤተሰቦች የምላሽ መጠን 98 በመቶ ሆኗል፤ ባዶ ቤቶች በስሌቱ አልተካተቱም። ለቃለ መጠይቅ ብቁ ከሆኑት ሴቶች 95 በመቶ፣ ከወንዶች ግን 86 በመቶ ብቻ በመመለሳቸው፣ የወንዶቹ ውጤት በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባል።

የቆጠራ ቦታዎቹ የተመረጡት በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ መሠረት ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲህ የታየው የሕዝብ አሰፋፈር ለውጥ በምርጫው ሙሉ በሙሉ ላይንጸባረቅ ይችላል። ናሙናው ለአገርና ለክልል ደረጃ የተዘጋጀ በመሆኑ፣ የአንድን ወረዳ ሁኔታ ለመግለጽ አያገለግልም።