«በርታ» እና «ያበርታህ» ልዩነታቸው ምንድን ነው?

የዛሬው ጽሑፌ በየቀኑ ስለምንሰማት አንዲት ሰላምታ ነው። ሥራ ላይ ያለ ሰው ስናገኝ «ያበርታህ»፣ «ያበርታሽ»፣ «ያበርታዎት»፣ ብዙ ከሆኑ ደግሞ «ያበርታችሁ» እንላለን። አንዳንዶቻችን ግን አሳጥረን ለሁሉም ሰው «በርታ» እያልን እናልፋለን። ሁለቱ አንድ ይመስላሉ እንጂ አንድ አይደሉም።

መጀመሪያ ቃሉን እንየው። «በረታ» ማለት ጠነከረ፣ ኃይሉ ጨመረ ማለት ነው። «ብርዱ በረታ»፣ «ፀሐዩ በረታ» እንል የለ? የታመመ ሰው ሲሻለውም «አሁን በረታ» ይባላል። «ብርቱ» እና «ብርታት» የሚሉት ቃላትም ከዚሁ የወጡ ናቸው።

«በርታ» ስንል ትእዛዝ ነው። «ሂድ»፣ «ና»፣ «ተቀመጥ» እንደማለት ነው። የሚበረታው ሰውዬው ራሱ ነው፣ የሚያዘው ደግሞ ተናጋሪው ነው። ስለዚህ አባት ለልጁ፣ መምህር ለተማሪው፣ ጓደኛ ለጓደኛው «በርታ» ቢል ያምራል። የ12 ዓመት ልጅ ለ60 ዓመት ገበሬ «በርታ» ቢል ግን አዛዥና ታዛዥ ቦታ ተለዋወጡ ማለት ነው። «ይበርቱ» ካልን አክብሮቱ ይገባል፣ ነውርም የለውም፤ ግን አሁንም የምንናገረው ለእሳቸው ነው፣ እርስዎ ጠንክሩ እያልን ነው።

«ያበርታዎት» ስንል ነገሩ ይለወጣል። ብርታቱን የሚሰጠው ሌላ ነው። ማን? ሙሉው አባባል «እግዜር ያበርታዎት» ነው፣ ሙስሊሙም «አላህ ያበርታዎት» ይላል። ብዙ ጊዜ ስሙን ትተን «ያበርታዎት» ብቻ እንላለን፤ ሁለቱም ወገን ግን ማን እንደተለመነ ያውቃል። እንግዲህ ተናጋሪው አላዘዘም፣ ለሠራተኛው ለመነለት እንጂ። ለታላቅ ሰው መለመን ደግሞ ለትንሽ ልጅም ይፈቀዳል። ለዚህ ነው ይህቺ ሰላምታ ከልጅ እስከ ሽማግሌ ሁሉም አፍ ላይ የምታምረው።

አሁን ደግሞ ለምን በሥራ ሰዓት እንደምትባል እንመልከት። አንድ ገበሬ ሲያርስ በአንድ እጁ እርፉን ይዟል፣ በሌላው ጅራፍ። ዓይኑ በሬዎቹና ትልሙ ላይ ነው። ጤፍ የሚዘራበት መሬት ሦስት አራቴ ስለሚታረስ ቀኑ ረጅም ነው። እዚያ ላይ ቆመን «እንዴት አደሩ? ቤተሰብ ደህና ነው? ከብቱስ?» እያልን ብንደረድር ሰውዬው በደንብ ለመመለስ በሬዎቹን ማቆም አለበት። ሳያቆም ዞር ካለ ደግሞ ትልሙ ይጣመማል። «ያበርታዎት» ካልን ግን «አሜን፣ አብሮ ያበርታን» ብሎ እርሻውን ይቀጥላል። ሰላምታው ሥራውን አያስቆምም።

መልሱንም ልብ በሉ። «አብሮ ያበርታን» ማለት ለእኔ የለመንከው ለአንተም ይሁን ማለት ነው። ምርቃቱ ለሁለት ተካፈለ። አንተም ወደ ትምህርት ቤት እየሄድክ ነው፣ ብርታት ያስፈልግሃል። ሰውየው እንዲህ ብሎ ከመለሰ ሰላምታው ደርሷል ማለት ነው። ዝም ካለ ምናልባት ከሩቅ ጮኸን ወይም እየሳቅን ብለነው ይሆናል። በቀልድ ከተባለ እኮ እንደ ፌዝ ነው የሚሰማው።

ገበሬ ብቻ አይደለም። ሸማኔው እግሩ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ እየረገጠ፣ በእጁ መወርወሪያውን ከወዲያ ወዲህ እየሰደደ ማጉን ከድሩ ጋር ያጋባል። ቀና ብሎ ቢያወራ ክሩ ሊበጠስበት ይችላል። ሸክላ ሠሪዋ እጇ በጭቃ ተይዟል፣ ለመጨበጥ አይመችም። ባለሱቁ ጆንያ ሲያወርድ ወይም ደንበኛ ተሰልፎበት ሲመዝን ወሬ አይችልም። ለሁሉም «ያበርታዎት» ይበቃል። ለባለሱቅ ግን አንድ እንጨምራለን፦ «ገበያ ይቅናዎት»። ምክንያቱም ገበሬው ጉልበት ካገኘ ያርሳል፣ ባለሱቁ ግን ጉልበት ኖሮት ገዢ ላይመጣለት ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ታሪክ ማወቅ ጥሩ ነው። በድሮ ጊዜ ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ በሙያቸው ይሰደቡ ነበር። ማረሻውን የሠራው ሰው በማረሻው ከሚያርሰው እንደሚያንስ ይቆጠር ነበር። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ባለ እጆችን በሥራቸው መስደብ እንዲቀር አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ስድብን ይከለክላል፣ በስድቡ ቦታ ምን እንደሚባል ግን በየመንገዱ የምናልፈው እኛ ነን የምንወስነው። ለገበሬው ያልነውን «ያበርታዎት» ለቀጥቃጩም ስንል፣ ሁለቱም ሠራተኞች ናቸው፣ ሁለቱም ይደክማሉ እያልን ነው።

ቃሉን ያለ ቦታው እንዳንጠቀምበትም እንጠንቀቅ። ለታመመ ሰው «ይማርዎት»፣ ሐዘን ለደረሰበት «ያጽናዎት»፣ የሠራውን ላበላን ወይም ጨርሶ ላሳየን «እጅዎ ይባረክ» ነው የሚባለው። «ያበርታዎት» ሥራው መሃል ላይ እያለ ነው። ደሞ ይህ ሁሉ ምርቃት ድካሙ ይቅርልህ አይልም። ሥራው እንዳለ ነው፣ አቅሙ ግን ይጨመርልህ ነው የሚለው።

አንድ ነገር ደግሞ ሰላምታው አይተካውም። አንዲት እናት ውሃ የሞላ እንስራ አዝላ ለመነሳት ስትታገል አጠገቧ ቆሞ «ያበርታዎት» ብሎ ማለፍ ምርቃት ሳይሆን ሽሽት ነው። እዚያ ቦታ የሚባለው «ላሸክምዎት» ነው። «ያበርታዎት» በእጃችን ልናግዘው የማንችለውን ሥራ በቃል የምናግዝበት ነው። ሞፈሩን ልንይዝለት አንችልም፣ እንስራውን ግን እናነሳለን።

በመጨረሻ ወደ ግቢያችን ልምጣ። መንገድ ላይ ላገኘነው ገበሬ «ያበርታዎት» እንላለን። ግን ጠዋት በር ላይ የሚቆሙትን ጥበቃ፣ ክፍላችንን የሚጠርጉትን እናት ስንቶቻችን እንደዚያ እንላቸዋለን? እነሱም እኛ ስንገባ ሥራ ላይ ናቸው፣ መጥረጊያውም እንደ እርፉ እጅ ይይዛል። የተጠረገውን እየረገጥን በዝምታ ስናልፍ፣ የሥራ ሰላምታ ለእነሱ አይገባም ያልን ይመስላል። ነገ ጠዋት «ያበርታዎት» ብላችሁ እለፉና መልሱን ስሙ። «አብሮ ያበርታን» ካሏችሁ፣ ለዚያ ቀን ትምህርታችሁም ተመርቃችኋል ማለት ነው።

በሌላ ጽሑፍ እስክንገናኝ፣ ሁላችንንም ያበርታን!