ለአምስት ሰው ስንት ሜጋቢት ይበቃል?

ተረት፦ 10 ሜጋቢት ለአምስት ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ይደርሰዋል።

ይህን ስሌት እኔም ሠርቼዋለሁ። ኢንተርኔት ግን እንደ ዳቦ ተቆርሶ ለየሰዉ አይታደልም። የተኛ ሰው ምንም አይወስድም፤ ቴሌግራም ላይ ጽሑፍ የሚያነብም የሚወስደው ከቁጥር አይገባም። መቆጠር ያለበት ቤቱ በጣም በሚጨናነቅበት ሰዓት በአንድ ጊዜ የሚሠራው ሥራ ነው።

የእኛን ቤት ልውሰድ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ባለቤቴ ከባልደረቦቿ ጋር በዙም ትሰበሰባለች። እናቴ ጅዳ ካለችው እህቴ ጋር በቪዲዮ ታወራለች። ልጄ ሳሎን ዩቲዩብ ታያለች፤ ወንድሟ ጌም ያወርዳል። የእኔ ስልክ ደግሞ ኪሴ ውስጥ ሆኖ የቀኑን ፎቶ ወደ ክላውድ ይጭናል። መስመራችንን በዚያው ሰዓት፣ ሁሉም ሥራቸውን አቁመው፣ ራውተሩ አጠገብ ቆሜ ስለካው ማውረጃው 10፣ መጫኛው 2 ሜጋቢት በሰከንድ ነው።

በመጀመሪያ መጠበቅ የማይችሉትን ብቻ ልደምር። ዙም ለቡድን ስብሰባ በ720p ጥራት ለማውረጃ 1.8፣ ለመጫኛ 2.6 ሜጋቢት ይጠይቃል። የእናቴን ጥሪ በሁለቱም በኩል 0.6 ልያዝለት። ዩቲዩብ በ1080p ወደ 5 ሜጋቢት ይፈልጋል። የማውረጃው ድምር 7.4 ስለሆነ 10 ሜጋቢቱ ይችለዋል።

ተረት፦ ማውረጃው ከበቃ ሁሉም በቃ።

ብዙ ቤት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ጥቅል ሲሸጥ ጎልቶ የሚነገረው የማውረጃው ቁጥር ነውና። የቪዲዮ ጥሪ ግን መልካችንንና ድምፃችንን መላክም አለበት። የእኛ መጫኛ ድምር 2.6 እና 0.6፣ ማለትም 3.2 ሜጋቢት ነው፤ ያለን ደግሞ 2 ብቻ። ፎቶ የሚጭነው ስልኬ ገና አልተቆጠረም።

ምልክቱ ግልጽ ነው። እናቴ እህቴን ጥርት አድርጋ እያየቻት፣ እህቴ «እማዬ፣ ድምፅሽ ይቆራረጣል» ትላታለች። እኛ ሌላውን በደንብ እየሰማን እሱ እኛን ካልሰማን፣ ያጠረው መጫኛው ነው።

መፍትሔውም ገንዘብ አላስወጣንም። ባለቤቴ ዙም ላይ የHD ምርጫውን ስታጠፋው የእሷ መጫኛ ወደ 1 ሜጋቢት ወረደ። ከእናቴ ጋር 1.6 ሆነ፤ ሁለቱ ሜጋቢት ውስጥ ገባ። ስልኬ ፎቶ የሚጭነው አሁን ሁሉም ከተኛ በኋላ ነው።

ተረት፦ ለማውረድም የተወሰነ ፍጥነት ያስፈልጋል።

ጥሪ የሚበቃውን ያህል ወስዶ ያቆማል። ፋይል ሲወርድ ግን ልክ የለውም፤ 10 ካገኘ 10፣ 50 ካገኘ 50 ሊወስድ ይሞክራል። ስለዚህ ለእሱ የሚሰላው ሰዓት ነው። የወንድ ልጄ ጌም 30 ጊጋባይት ነበር። አንድ ባይት ስምንት ቢት ስለሆነ 240,000 ሜጋቢት ማለት ነው፤ መስመሩ ሙሉ 10 ቢሰጠው ስድስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ይፈጃል። ስክሪኑ ላይ 1.25 MB/s አይቶ «መስመሩ ተበላሸ» ብሎኝ ነበር። ያ ግን ሙሉው 10 ሜጋቢት ነው።

ጌሙ መስመሩን ሲሞላው የሌሎቹ መረጃ ወረፋ ይይዛል፤ ጥሪውን የሚገድለውም ይህ ወረፋ ነው። በኮምፒውተር ማየት ይቻላል፦

```
ping 8.8.8.8
```

ምንም ሳይወርድ የሚመጣውን የሚሊሰከንድ ቁጥር ያዙት፤ ከዚያ ማውረድ ጀምራችሁ ድገሙት። ከ40 ወደ 500 ከዘለለ ችግሩ ወረፋ ነው። 20 ሜጋቢት ብትገዙም ማውረዱ ቶሎ ያልቃል እንጂ እስኪያልቅ ድረስ ሃያውንም ስለሚሞላ ጥሪው ያው ይቆራረጣል። የሚረዳው ጣሪያ ማበጀት ነው። ስቲም በቅንብሩ ውስጥ የማውረጃ ፍጥነት እንድንገድብ ይፈቅዳል፤ አንዳንድ ራውተሮችም QoS የሚባል ምርጫ አላቸው። እኛ ቀለል ያለውን መረጥን፦ ጌሙ ማታ አምስት ሰዓት ላይ ተጀምሮ ጠዋት አንድ ሰዓት አካባቢ አለቀ።

መስመር ማሳደግ የሚያስፈልግበት ጊዜም አለ። መጠበቅ የማይችሉት ሥራዎች ድምር፣ ጥራታቸው ከተቀነሰ በኋላ እንኳ፣ በተጨናነቀው ሰዓት ከተለካው ፍጥነት አራት አምስተኛ ካለፈ ጥቅሉ በእርግጥ አንሷል። ዩቲዩብን በ4K ማየት ብቻውን 20 ሜጋቢት ስለሚጠይቅ፣ ሳሎናችን እንዲህ ያለ ቴሌቪዥን የገባ ቀን እኛም ትልቁን ጥቅል እንገዛለን።