«ሃቭ» ከ«የስተርደይ» ጋር ሲጋጭ

«አይ ሃቭ ሴንት ዘ መኒ የስተርደይ።» እንግሊዝኛ የሚማር አማርኛ ተናጋሪ እንዲህ ቢጽፍ አይገርምም፤ «ገንዘቡን ትናንት ልኬዋለሁ» የሚል ሰው ቋንቋውን አላበላሸምና። ጀርመንኛና ፈረንሳይኛም ተመሳሳዩን የግሥ ቅርጽ ከትናንት ጋር ያለ ችግር ያስኬዱታል። እንግሊዝኛ ግን አሻፈረኝ ይላል።

ፕረዘንት ፐርፌክት የሚባለው ይህ ቅርጽ ያለፈ ድርጊትን ቢያነሳም ወሬው ስለ አሁን ነው፤ ገንዘቡ ተልኳል፣ ጉዳዩ አልቋል ለማለት ይውላል። «የስተርደይ» ደግሞ ተናጋሪውን ወደ ተዘጋ ቀን ይመልሰዋል። ጀርመናዊው የቋንቋ ምሁር ቮልፍጋንግ ክላይን በ1992 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ይህን ግጭት እንቆቅልሽ ብሎታል፤ ድርጊቱ ያለፈ ከሆነ ያለፈበትን ጊዜ መጥራት ለምን ይከለከላል?

ተማሪውን ማረም ቀላል ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ይቀራል። ተቀባዩ «ላክህ ወይ?» ብሎ ከሆነ «የስተርደይ» ይውጣ። «መቼ ላክህ?» ብሎ ከሆነ «ሃቭ» ይውጣና «አይ ሴንት ዘ መኒ የስተርደይ» ይሁን።

ችግሩ የሚመጣው አራሚው ሁለቱን ቃላት አንድ ላይ ባየ ቁጥር ቀይ እስክሪብቶውን ሲያነሳ ነው። «አይ ሃቭ ቢን ሲክ ሲንስ የስተርደይ» ስህተት የለበትም፤ «ሲንስ» ትናንትን መነሻ አድርጎ ሕመሙን እስከ አሁን ያደርሰዋል። «ሺ ሜይ ሃቭ ለፍት የስተርደይ» የሚለውም ደህና ነው፤ ከ«ሜይ» ቀጥሎ የመጣው «ሃቭ» የአሁን ጊዜን አይዝም፣ ትናንት ሄዳ ይሆናል ለማለት ነው።

ከሁሉ የሚያደናግረው «አይ ሃቭ ሬድ ዘ ሌተር ዩ ሴንት የስተርደይ» ነው። ትናንት የተደረገው ምንድን ነው? መላኩ ከሆነ ዓረፍተ ነገሩ ትክክል ነው፤ «ሴንት» ተራ ያለፈ ጊዜ ግሥ ስለሆነ ትናንትን ይሸከማል። ተማሪው ትናንት አነበብኩ ማለቱ ከሆነ ግን «ሃቭ» መነሳት አለበት። «የስተርደይ»ን ወደ ፊት አምጥቶ ማንበብ ነገሩን ያጠራዋል፤ «የስተርደይ አይ ሃቭ ሬድ…» ሲባል ትናንት ከማንበቡ ጋር ስለሚታሰር ስህተቱ ወዲያው ይሰማል። ሐሳቡን የሚያውቀው ጸሐፊው ብቻ ስለሆነ፣ ከማረም በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል።

«ዚስ ሞርኒንግ» ደግሞ እንደ ሰዓቱ ይለያያል። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ «አይ ሃቭ ሲን ሂም ዚስ ሞርኒንግ» ቢባል ጠዋቱ ገና አላለቀም፤ ማታ ሲባል ግን ለብዙዎች ጆሮ ይጎረብጣል። አሜሪካውያን በጠዋቱም ቢሆን ተራውን ያለፈ ጊዜ መምረጥ ያዘወትራሉ።

ነገሩን የሚያወሳስበው የቋንቋው ባለቤቶችም አንዳንዴ ደንቡን መጣሳቸው ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ፖሊሶች የወንጀል ድርጊት ሲተርኩ ፕረዘንት ፐርፌክትን ካለፈ ጊዜ ቃል ጋር እንደሚያጣምሩ የቋንቋ አጥኚዎች መዝግበዋል። ለትረካው ሕይወት ይሰጠዋል፤ ለፈተና ወረቀት ግን አይሆንም።