በሌላ ሰው ቲን የተቆረጠ ደረሰኝ

ገርጂ አካባቢ ያለ አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር፣ እንበል፣ በጥቅምት ወር ለአንድ ሥራ ተቋራጭ የ200,000 ብር ገመድ ሸጠ። 15 በመቶው ቫት ሲጨመርበት 230,000 ብር ሆነ። ደረሰኙ ሲቆረጥ ግን የገባው የሌላ ደንበኛ ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ነበር። መደብሩ የጥቅምትን ቫት በኅዳር ውስጥ አስታውቆ ከፈለ። ስህተቱ የተገኘው ታኅሣሥ ላይ፣ የተቋራጩ ሒሳብ ሠራተኛ የግዢ ደረሰኞቹን ሲያገላብጥ ነው።

መንግሥት ከሻጩ የሚፈልገውን 30,000 ብር አግኝቷል። የሚጎዳው ገዢው ነው። ደረሰኙ የእሱን ቲን ስላልያዘ በግዢው ላይ የከፈለውን ቫት ከሚከፍለው ላይ ልቀንስ ቢል ተቀባይነት ያጣል።

ብዙ መደብሮች መጀመሪያ የሚያስቡት ቲኑን በእስክሪብቶ ሰርዞ ማኅተም መምታትን ነው። ይህ ወረቀቱን እንጂ መዝገቡን አይለውጥም፤ የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያው ያተመውን በማይጠፋ ማኅደሩ ይዞታል። ሁለተኛው መንገድ የባሰ ነው፦ የድሮውን እንዳለ ትቶ ሌላ ደረሰኝ መቁረጥ። ያኔ አንዱ ገመድ ሁለት ጊዜ እንደተሸጠ ይቆጠራል፤ ሻጩ 30,000 ብር ደግሞ ይከፍላል፣ የዓመቱ ገቢውም በ200,000 ብር ያብጣል። ጉዳዩ ዘግይቶ ሲታወቅም የሚያጋልጠው የመጋዘን ቆጠራ ነው፦ ሽያጩ የሚያሳየውን ያህል ገመድ ከመደርደሪያው አልወጣም።

ትክክለኛው እርማት ያለፈውን ወር አይነካም። ሻጩ ስህተት ያለበትን ዋና ደረሰኝ ከገዢው ይቀበላል፤ ምክንያቱን የሚገልጽ ደብዳቤም ቢያጽፍ ይበጀዋል። ከዚያ በታኅሣሥ ቀን የ230,000 ብር ተመላሽ ያደርጋል፤ በተመላሹ ላይ የመጀመሪያው ደረሰኝ ቁጥርና ቀን ይጠቀሳል፣ በመዝገብም ይሰፍራል፣ ዋናው ደረሰኝም አብሮ ይያያዛል። ቀጥሎ በትክክለኛው ስምና ቲን አዲስ ደረሰኝ ይቆረጣል፤ ቀኑም የታኅሣሥ ይሆናል። ወደ ጥቅምት መመለስ አይሞከርም።

የታኅሣሥ ቫት በጥር ሲታወቅ አዲሱ ሽያጭ 30,000 ብር ይጨምራል፣ ተመላሹም ያንኑ ይቀንሳል። ሻጩ በዚህ ምክንያት የሚጨምረውም የሚያጎድለውም ብር የለም፤ ተቋራጩም ግዢውን በታኅሣሥ ያስመዘግባል። አንድ ቦታ ላይ ግን ነገሩ ይወሳሰባል፦ ተቋራጩ በጥቅምቱ ደረሰኝ ቀድሞ ቫት ቀንሶ ከሆነ፣ ያንን መልሶ ካላስተካከለ ለአንድ ግዢ ሁለት ጊዜ ይቀንሳል። በስህተት ስሙ የሰፈረው ሌላው ድርጅትም ደረሰኙን ተጠቅሞበት እንደሆነ መጠየቅ የሻጩ ሥራ ነው።

ስህተቱ የስምና የቲን ብቻ ካልሆነና የጥቅምቱ ሽያጭ መጀመሪያውኑ ጎድሎ ታውቆ ከሆነ ግን ተመላሽ አይበቃም። ያኔ ሻጩ የጥቅምቱ ማስታወቂያ ራሱ እንዲሻሻል፣ ምን እንደሚለወጥና ለምን እንደሆነ ዘርዝሮ ለግብር ሰብሳቢው ቅርንጫፍ በጽሑፍ ያመለክታል።